480 ኪሎዋት ሰዓት ከየት መጣ?

ቢሉ የመጣው በስልክ መልእክት ነው። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያነቡት ድረስ የለመዱትን ሦስት አራት መቶ ብር እየጠበቁ ነበር። የተጻፈው ግን 1,750 ብር ነው። አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት፤ ስልኩን ለልጃቸው ሰጡ። «እማዬ፣ ተሳስተው ይሆናል» አለ ልጅየው። በማግስቱ ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሄዱ፤ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ የሰጣቸው መልስ አጭር ነበር። «እናቴ፣ ቆጣሪው የቆጠረውን ነው የሚከፍሉት።»

ይህ ታሪክ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት ከተለመዱ ቅሬታዎች የተሠራ ምሳሌ ነው። ሆኖም ግቢው ቀን ቀን የሚዘጋ፣ ቆጣሪውም ከግንቡ ውስጥ የተተከለ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ወይ ደርሶበታል፣ ወይ ከጎረቤቱ ሰምቶታል። የካርድ ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው አስቀድሞ ስለሚከፍል እዚህ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ጣጣው ተጠቅሞ በወሩ ለሚከፍለው ነው።

ወይዘሮዋ ከመስኮቱ እንደተመለሱ የመጀመሪያ ሐሳባቸው ማመልከቻ ማስጻፍ ነበር። በክፍያ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰው ሁለት ገጽ ሙሉ አሳምረው ጻፉላቸው። ብቸኛ እናት መሆናቸው አለበት፣ የኑሮ ውድነቱ አለበት፣ «በደሌ ታይቶ ፍትሕ ይሰጠኝ» የሚል አለበት። የሌለበት አንድ ነገር ቢኖር ቁጥር ነው። የቆጣሪው ንባብ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ የትኛው ወር በግምት ተሠራ የሚል አንድም መስመር የለም። ያን ደብዳቤ የሚያነበው የቢል ክፍል ሠራተኛ ቢያዝን እንኳ ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። የሚያስተካክለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ አልተነገረውም።

መልሱ ያለው በመሳቢያ ውስጥ የተጠራቀሙት አሮጌ ቢሎች ላይ ነው።

ቢል ላይ ሁልጊዜ የሚገኙ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ያለፈው ንባብ፣ የአሁኑ ንባብና በመካከላቸው ያለው ልዩነት። ልዩነቱ ፍጆታ ይባላል፤ የሚለካውም በኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ በተለምዶ ከ3 ኪሎዋት በላይ ኃይል ስለሚስብ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል ማለት ነው። ልጁ ስድስቱን ቢሎች ምንጣፍ ላይ ደርድሮ ፍጆታቸውን በተራ አነበበ። ኅዳር 120፣ ታኅሣሥ 120፣ ጥር 120፣ የካቲት 120፣ መጋቢት 120። ሚያዝያ 480።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አምስት ወር ሙሉ፣ ገናም ጥምቀትም ባለበት ጊዜ፣ አንዲት ኪሎዋት ሰዓት ሳይጨምርና ሳይቀንስ 120 የሚበላ ቤት የለም። እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር ሲደጋገም ሰው ያነበበው ንባብ እንዳልሆነ ያስታውቃል። አንባቢው መጥቶ በሩን አንኳኩቷል፤ የሚከፍት አጥቶ ወይም የውሻ ድምፅ ሰምቶ ሄዷል። ቢል ደግሞ መውጣት ስላለበት በግምት ተሞልቷል። አብዛኛውን ጊዜ ግምት የሚሠራው ካለፉት ወሮች አማካይ ወይም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ነው። አንዳንድ ቢል ንባቡ በግምት መሆኑን በግልጽ ይጽፋል፤ አንዳንዱ በአንዲት ምልክት ያልፈዋል፤ የስልክ መልእክት ከሆነ ግን የሚታየው የብሩ መጠን ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሒሳቡን ከጥቅምት እንጀምር። በጥቅምት መጨረሻ አንባቢው ግቢ ገብቶ 8412 አንብቧል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 120 እየተደመረ መጋቢት ላይ 9012 ተባለ። በሚያዝያ መጨረሻ በሩ ክፍት ሆኖ ሲገኝ እውነተኛው ንባብ 9492 ሆነ። ከ9492 ላይ 9012 ሲቀነስ 480 ይመጣል። ቆጣሪው አልተበላሸም፤ ማንም መስመር አልሰረቀም፤ አንባቢውም አልተሳሳተም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በጠቅላላ 1080 ኪሎዋት ሰዓት ተበልቷል፤ ለስድስት ሲካፈል በወር 180 ነው። ከጥቅምት በፊት አንባቢው እየገባ ያነበባቸው አራት ቢሎች ደግሞ 176፣ 183፣ 181 እና 178 ይላሉ። ቤቱ ሁልጊዜ የሚበላው ይኼንኑ ነው። ግምቱ ዝቅተኛ ስለነበረ በየወሩ 60 ኪሎዋት ሰዓት ሳይከፈልበት እያደረ ሚያዝያ ላይ በአንድ ጊዜ ወረደ።

ታዲያ የመስኮቱ ወጣት ልክ ነው? ግማሹን ልክ ነው። የተበላው ተበልቷል። ልክ ያልሆነው ዋጋው ነው፤ ብዙ ቅሬታ አቅራቢዎች የሚሸነፉትም ይህችን ልዩነት ስለማያዩ ነው። «ይህን ያህል አልተጠቀምኩም» ይላሉ፤ ድርጅቱ የቆጣሪውን ንባብ ያሳያቸዋል፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። ጥቂት የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይከፍላል፤ እርከኑ የሚታየውም በየወሩ ፍጆታ ነው። ትክክለኛው ታሪፍ በየጊዜው ስለሚቀያየር እዚህ ለስሌት ብቻ ክብ ክብ ቁጥር እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች በ1 ብር፣ ከ51 እስከ 100 በ2 ብር፣ ከ101 እስከ 200 በ3 ብር፣ ከ201 እስከ 300 በ4 ብር፣ ከዚያ በላይ በ5 ብር ይሁን። በዚህ ዋጋ 180 ኪሎዋት ሰዓት የበላ ቤት 390 ብር ይከፍላል፤ 120 የበላ 210 ብር፤ 480 የበላ 1,750 ብር።

ወይዘሮዋ ለአምስቱ ወሮች 210 እየከፈሉ 1,050 ብር ከፍለዋል። የሚያዝያው 1,750 ሲጨመርበት 2,800 ይሆናል። አንባቢው በየወሩ እየገባ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ግን በስድስት ወር የሚከፍሉት ስድስት ጊዜ 390፣ ማለትም 2,340 ብር ነበር። የበሉት አንድ ነው፤ 1080። ልዩነቱ 460 ብር ነው። ይህ 460 ብር የመጣው ከምጣድም ከማቀዝቀዣም አይደለም። የስድስት ወር ትርፍራፊ በአንድ ወር ውስጥ ሲታጨቅ እርሳቸው በሕይወታቸው ረግጠውት ወደማያውቁት የ4 እና የ5 ብር እርከን ስለወጣ ነው።

በአንዳንድ የታሪፍ አሠራር ደግሞ ፍጆታው የደረሰበት እርከን ዋጋ የሚታሰበው በትርፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያዋ ኪሎዋት ሰዓት ጀምሮ በጠቅላላው ላይ ነው። በዚያ አሠራር የሚያዝያው 480 ሙሉ በሙሉ በ5 ብር ይታሰብና ጉዳቱ በእጥፍ ይብሳል፤ በዚሁ ምሳሌ ልዩነቱ 960 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት በሥራ ላይ ያለው ታሪፍ የትኛው እንደሆነ ማየት ግድ ነው። ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። በኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የታሪፍ ማሻሻያ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ በኅዳር የተበላ መብራት በሚያዝያ ቢል ላይ ሲወጣ፣ የቆየው ፍጆታ በአዲሱ ዋጋ ይታሰባል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው ደብዳቤ በዚህ ላይ ቆመ። የሚከተለው ነው።

ቀን፦ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ… የደንበኞች አገልግሎት ማዕከል

ጉዳዩ፦ በግምት ንባብ የተዘጋጁ ቢሎች በየወሩ ተከፋፍለው እንደገና እንዲታሰቡልኝ ስለመጠየቅ

የደንበኛ ቁጥሬ … የቆጣሪዬ ቁጥር … ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ያሉት አምስት ቢሎቼ እያንዳንዳቸው 120 ኪሎዋት ሰዓት ተብለው በግምት ተዘጋጅተዋል። በጥቅምት መጨረሻ በአንባቢ የተወሰደው ንባብ 8412 ሲሆን በሚያዝያ መጨረሻ በአንባቢ የተወሰደው 9492 ነው። በሁለቱ መካከል 1080 ኪሎዋት ሰዓት መጠቀሜን አልክድም፤ በቆጣሪው ንባብም ላይ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የስድስት ወር ፍጆታ የተወሰነው ክፍል በሚያዝያ ወር ብቻ እንደተጠቀምኩት ተቆጥሮ በከፍተኛ እርከን ስለታሰበብኝ ነው። ከጥቅምት በፊት በአንባቢ የተወሰዱ አራት ተከታታይ ቢሎች ወርኃዊ ፍጆታዬ ከ176 እስከ 183 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን ያሳያሉ።

ስለሆነም 1080 ኪሎዋት ሰዓት ለስድስቱ ወሮች እኩል ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ወር በወቅቱ በነበረው ታሪፍ ታስቦ፣ የከፈልኩት 1,050 ብር ተቀንሶ ቀሪው እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። በእኔ ስሌት ቀሪው 1,290 ብር ነው። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥብኝና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አባሪ፦ የአሥር ቢሎች ቅጂ፣ ግንቦት 5 ቀን የተነሣ የቆጣሪ ፎቶግራፍ፣ የስሌት ሠንጠረዥ አንድ ገጽ

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የመጀመሪያው ጉልበቱ ያለው «አልክድም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ድርጅቱ «ፍጆታው ትክክል ነው» ብሎ ሊመልስ የሚችለውን መልስ አስቀድሞ ይወስድበታል። ሁለተኛው ጉልበቱ 1,290 የሚለው ነው። «ይታይልኝ» የሚል ደብዳቤ ታይቶ ሊመለስ ይችላል፤ «1,290 ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ወይ መቀበልን ወይ በሌላ ስሌት መልስ መስጠትን ይጠይቃል።

ፎቶግራፉ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁጥሮቹና የቆጣሪው መለያ ቁጥር በአንድ ምስል ውስጥ መታየት አለባቸው፤ አለበለዚያ የማን ቆጣሪ እንደሆነ አይታወቅም። ሳህኗ የምትሽከረከረው አሮጌ ቆጣሪ ላይ መጨረሻ ያለችው፣ ብዙ ጊዜ በቀይ የተከበበችው አኃዝ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት አሥረኛ ክፋይ ናት፤ አትቆጠርም። እርሷን ጨምሮ ያነበበ ሰው 9492ን ወደ 94 ሺህ ያሻግረዋል። ዲጂታል ቆጣሪ ደግሞ ስክሪኑን እየቀያየረ ቀን፣ ሰዓት፣ ቮልቴጅ ያሳያል፤ መጠበቅ ያለበት kWh የሚል ምልክት ያለበት ገጽ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆጣሪዎች ደረጃ ሥር በረድፍ ሲሰቀሉ ሌላም ነገር አለ። የራስን ቤት ዋና ማብሪያ አጥፍቶ ወርዶ ማየት ነው። የቆመው የጎረቤት ቆጣሪ ከሆነ ሁለት ቤቶች ለወራት አንዱ የሌላውን ሲከፍሉ ኖረዋል።

ብዙ ሰው ቢል ሲያሻቅብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቆጣሪውን ነው። ይፈተሽልኝ ማለት መብት ነው፤ ግን የቤት ቆጣሪዎች በአብዛኛው የስሕተት ወሰናቸው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ እንዳያልፍ ሆነው የሚሠሩ ናቸው። ፍጆታው ከሁለት እጥፍ በላይ ከዘለለ ከቆጣሪው በፊት መታየት ያለበት ንባቡና በንባቦቹ መካከል ያለው የቀን ብዛት ነው። አንባቢው አንድ ወር በ8 መጥቶ በሚቀጥለው ወር በ15 ከመጣ ቢሉ የ37 ቀን ነው፤ ግምት ባይኖርበትም እርከን ሊያዘልል ይችላል።

ግምቱ በተቃራኒው ከፍ ያለ ሲሆን ማስረጃው ይቀላል። በትክክል የሚሠራ የቤት ቆጣሪ ፍጆታ ሲኖር ወደ ኋላ አይሄድም። በቢሉ ላይ «የአሁኑ ንባብ 9700» ተብሎ ቢል በመጣበት ቀን ቆጣሪው ራሱ 9492 ካሳየ፣ ፎቶግራፍ አንስቶ ከነቀኑ ማስገባት ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በላይ ክርክር አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ተከራይ ነው። ቢሉ የሚመጣው በአከራዩ ስም ነው፤ በመጋቢት የገባ ተከራይ የሚያዝያው 480 ሲመጣ ከኅዳር ጀምሮ የነበረውን ሰው ዕዳ ይሸከማል። አከራዩም ክፋት ኖሮት ላይሆን ይችላል፤ ቢሉን አይቶ ያካፍላል። ቤት ሲረከቡ ቁልፉን ከመቀበል በፊት ቆጣሪውን ፎቶ ማንሳትና ቁጥሩን በውሉ ላይ ማስፈር ይህንን ያስቀራል። የሚደረገው ግን ከስንት አንዴ ነው።

በእንግሊዝ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተመሳሳይ ደብዳቤ ሲጽፉ በእጃቸው ያለው ሕግ ለየት ይላል። የዚያ አገር የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኦፍጌም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች የ12 ወር ገደብ አስቀምጧል። ኩባንያው በራሱ ጥፋት ትክክለኛ ቢል ሳይልክ ከቆየ ከ12 ወር በፊት ለተበላው ማስከፈል አይችልም። ቅሬታ ቀርቦ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተፈታም ደንበኛው ጉዳዩን በነፃ ወደ ኢነርጂ እንባ ጠባቂ ይወስደዋል። ገደቡ ግን በር ዘግቶ አንባቢን ያስመለሰ ደንበኛን አይጠብቅም። የወይዘሮዋን ጉዳይ እዚያ ብንወስደውም ስድስት ወር ብቻ ስለሆነ አይረዳቸውም ነበር፤ የሚረዳቸው ያው ማካፈሉ ነው።

የተዘጋው በር ጉዳይ ወይዘሮዋንም ይነካል። ድርጅቱ «ሠራተኛችን አምስት ጊዜ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ነበር» ቢል ውሸት አይሆንበትም። ለዚህም ነው ደብዳቤው አንባቢውን የማይከሰው። በሩ ለምን ተዘጋ የሚለው ክርክር ውስጥ ከተገባ የ460 ብሩ ጉዳይ ይረሳል። በሩ መዘጋቱ ቢሉ በግምት እንዲወጣ ምክንያት ይሆናል እንጂ፣ በኅዳር የተበላውን የሚያዝያ ፍጆታ አያደርገውም።

ደብዳቤውን ልጁ በሁለት ቅጂ አትሞ ይዞ ሄደ። በመስኮቱ ሳይሆን በመዝገብ ቤት በኩል አስገባው። አንዱ ቅጂ ቀረ፤ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ማኅተም ተመታለት። ይህች ማኅተም ቀላል አይደለችም። ያለ ገቢ ቁጥር «አልደረሰንም» ለሚል መልስ መልስ የለውም፤ በገቢ ቁጥር ግን ደብዳቤው አሁን የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ መጠየቅ ይቻላል። ሁለት ጊዜ ጠየቀ። አንዴ «ቢል ክፍል ነው» ተባለ፤ ሌላ ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»።

የመክፈያው ቀን ቀድሞ እንዳይደርስባቸው ወይዘሮዋ የማይከራከሩበትን 1,290 ብር ለመክፈል ሞከሩ። የክፍያው ሥርዓት ሙሉውን ካልሆነ አልቀበልም አለ። መብራት ተቆርጦ ከመቀጠል ከፍሎ መከራከር ይሻላል ብለው 1,750ውን ከፍለው፣ ደረሰኙን በአንድ አንቀጽ ተጨማሪ ደብዳቤ አያይዘው አስገቡ፤ የከፈሉት ቅሬታቸውን ትተው እንዳልሆነና 460 ብሩ ከሚቀጥሉት ቢሎች ላይ እንዲታሰብላቸው የሚል።

የሰኔ ቢል ሲመጣ ፍጆታው 174 ይላል፤ ከሥሩ የሚከፈል 0.00፣ ከዚያ ቀጥሎ ተራፊ 88 ብር። የግንቦት ቢል ለመዘጋጀት ቀድሞ ስለነበር እርሱን ሙሉውን ከፍለው ነበር። ወይዘሮዋ 174 ኪሎዋት ሰዓት ስንት ብር እንደሚሆን በቢሉ ጀርባ ላይ በእርሳስ አሰሉ፤ 50፣ 100፣ 222፤ ድምሩ 372። ከ460 ላይ ቀነሱት። ከዚያ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ወደ ግቢ ወጥተው ቆጣሪውን አነበቡ።